ጋፕ ሁሉ ይሞላል? አንድ ጥያቄና 18 መልስ

ጥያቄውን የለጠፍኩት እኔ ስለሆንኩ የውይይቱን ክር ታሪክ የምነግራችሁም እኔ ልሁን። ነገሩ እንዲህ ነው። ከአራት ወር በፊት አንድ ኩባንያ የሩብ ዓመት ሪፖርቱን ገበያ ከተዘጋ በኋላ አወጣ። ሪፖርቱ አላማረም። በማግስቱ አክሲዮኑ ቁልቁል ተወርውሮ ተከፈተ። ዕለታዊ ቻርቱን ስከፍት የሪፖርቱ ቀን ዝቅተኛ ዋጋ 49.20 ዶላር ነው፣ የማግስቱ ከፍተኛ ደግሞ 42.60። መሀሉ ባዶ ነው። እኔም ያንን ባዶ ሳይ አፌ ምራቅ ሞላ። እንዲህ ያለው ባዶ ጋፕ ነው የሚባለው፤ ጋፕ ሁሌ ይሞላል፣ ዋጋው ተመልሶ ይሸፍነዋል ሲባል ከስንት ሰው ሰምቻለሁ። በ41.50 ገዛሁና 49.20 ሲደርስ ልሸጥ ቁጭ አልኩ። ዛሬ ዋጋው 33 ነው። ስለዚህ ቻርቱን ለጥፌ ሁለት ነገር ጠየቅኩ፤ ጋፕ እውነት ይሞላል ወይ፣ የኔስ ምን ዓይነት ጋፕ ነው?

1ኛው መላሽ አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። ደስ የሚል ሰው ነው። ጋፕ ዋጋውን እንደ ማግኔት እንደሚጎትት፣ እሱ በሠራባቸው ዓመታት ሳይሞላ የቀረ ጋፕ በጣት የሚቆጠር እንደሆነ ጻፈልኝ። ትዕግስት ብቻ ነው የሚያስፈልገኝ። እውነቱን ልናገር፣ ክሩ እዚያ ላይ ቢዘጋ ደስ ይለኝ ነበር። መስማት የፈለግኩትን ነበራ የነገረኝ።

2ኛዋ መላሽ ውሎዋ ከዳታ ጋር ሳይሆን አይቀርም። ከመመለሷ በፊት ጋፕ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሰዎች በአንድ ስም ሁለት ነገር እንደሚጠሩ ነገረችን። አንዱ ገበያው ዛሬ የተከፈተበት ዋጋ ትናንት ከተዘጋበት ሲለይ ነው። ይሄ በየቀኑ ማለት ይቻላል አለ፣ ልዩነቱም ብዙ ጊዜ የሳንቲም ነው። ሌላው የዛሬው ካንድል፣ የቀኑን ዋጋ ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው የሚያሳየው ምልክት፣ ከነጭራው የትናንቱን ካንድል ሳይነካ ሲውል ነው። ምሳሌዋ ቀላል ነበር። ትናንት ከፍተኛው 101 ነበር እንበል፣ የተዘጋው 100 ላይ። ዛሬ 100.40 ላይ ቢከፈት ያቺ 40 ሳንቲም በተለመደው የጠዋት ውዝዋዜ ትሞላለች፣ ማንም ልብ አይላትም። ዛሬ 104 ላይ ተከፍቶ ከ103 ሳይወርድ ከዋለ ግን ባዶው በዓይን ይታያል። የኔ ይሄኛው ነው። አብዛኛው ጋፕ ይሞላል የሚለው ወሬ የሚጠነክረው የመጀመሪያዎቹን ጥቃቅኖች ከሁለተኛው ጋር ደርቦ በመቁጠር እንደሆነ ታምናለች።

በነካ እጇ አንድ ነገር ጨመረች። ባዶ ያልኩት ቦታ እውነተኛ ባዶ አይደለም። የኔ ቻርት የሚስለው መደበኛውን የግብይት ሰዓት ብቻ ነው። ሪፖርቱ ከወጣ በኋላ በነበረው የማታ ግብይት ሰዎች በ47ም በ45ም ተገበያይተዋል። ቻርቱ አላሳየኝም እንጂ ዋጋው በዚያ በኩል አልፎ ነው የሄደው። እኔ ደግሞ ገበያው የረሳው፣ ተመልሶ የሚያነሳው ነገር ያለ መስሎኝ ነበር።

3ኛው መላሽ አራቱን ስሞች በአንድ ትንፋሽ ደረደረልኝ፤ ኮመን፣ ብሬክአዌይ፣ ራንአዌይ፣ ኤግዞስሽን። ከዚያ የኔን ቻርት አይቶ ፈረደ። በጋፑ ቀን ቮሊዩሙ፣ የተገበያየው አክሲዮን ብዛት፣ ጣራ ነክቷል፣ ስለዚህ ሻጩ ጉልበቱን ጨርሷል፣ ስለዚህ ኤግዞስሽን ነው። ኤግዞስሽን ደግሞ በጥቂት ቀናት ውስጥ እንደሚሞላ አረጋገጠልኝ። ስሞቹን በትክክል ያውቃል። ፍርዱ ላይ ነው የተንሸራተተው።

4ኛው አላዘነለትም። በጥቂት ቀናት ይሞላል የተባለው ጋፕ አራት ወር ሙሉ ካልሞላ ምርመራው ስህተት መሆኑን ለማወቅ ቻርት ማንበብ ሳይሆን ቀን መቁጠር እንደሚበቃ ጻፈ። ከዚህ የባሰም ቃል ነበረበት፣ በኋላ አጠፋው። 3ኛው ተናደደ፣ እስከ 7ኛው ድረስ ድምፁ ጠፋ።

5ኛው መልስ የመጣው ሁላችንም አንቱ ከምንላቸው ሰው ነው። ብዙ አይጽፉም፣ ሲጽፉ ግን ቁጭ ብለው ነው። መጀመሪያ ያሉት የጋፕ ዓይነት ካንድሉ ላይ ማኅተም ሆኖ እንደማይወጣ ነው። ዓይነቱን የሚነግረን ጋፑ የወጣበት ቦታና ከእሱ በኋላ ያሉት ጥቂት ቀናት ናቸው። ቮሊዩም ብቻውን አይለይም፤ ብሬክአዌይም ኤግዞስሽንም ሲፈጠሩ ቮሊዩም ያብጣል። 3ኛውን ያሳሳተው ይሄ እንደሆነ በስሙ ሳይጠሩ ነገሩት። ልዩነቱ ኤግዞስሽን ከረጅም ጉዞ በኋላ መምጣቱ ነው። ዋጋው ለሳምንታት ሲወርድ ከርሞ፣ የመጨረሻው ተስፋ የቆረጠ ሰው ሸጦ ሲወጣ የሚፈጠር ነው። የኔ አክሲዮን ከጋፑ በፊት የት ነበር? ቻርቱን ወደ ግራ እንድጎትት አዘዙኝ።

ጎተትኩ። አምስት ወር ሙሉ በ47 እና በ53 መሀል ሲመላለስ የከረመ አክሲዮን ነው። ወለሉ 47፣ ጣራው 53። በእነዚያ ወራት ሁለት ትናንሽ ጋፖች ነበሩበት፤ ዜና የላቸውም፣ ቮሊዩማቸውም ተራ ነው፣ ሁለቱም በሳምንት ውስጥ ሞልተዋል። ኮመን የሚባሉት እነሱ እንደሆኑ እሳቸው ነገሩኝ። ሲሞሉ አይቼ ጋፕ ይሞላል የሚለውን እምነት ያጠነከርኩትም ከእነሱ ሳይሆን አይቀርም ብለው ጠረጠሩ። ልክ ናቸው፣ አንዱን ነግጄበት ትንሽ አትርፌ ነበር። የሪፖርቱ ጋፕ ግን የአምስት ወሩን ወለል ዘሎ ከታች ነው ያረፈው። ሻጩ የደከመበት ሳይሆን ገና የጀመረበት ቦታ ነው። ብሬክአዌይ ነው፣ ያውም ወደ ታች።

ከዚያ ሁለተኛውን ቀን እንዳይ ላኩኝ። የጋፑ ቀን የተዘጋው 41.20 ላይ ነው። በማግስቱ ዋጋው ወደ ላይ ሞክሮ 43.10 ደርሷል። ይሄ ማለት የጋፑን የታች ጠርዝ፣ 42.60ን፣ አልፎ 50 ሳንቲም ያህል ወደ ውስጥ ገብቷል። የተዘጋው ግን 41.80 ላይ ነው፣ ከጠርዙ በታች። በ47 እና በ53 መሀል የገዙ ሰዎች ሁሉ ከስረው ተቀምጠዋል፤ ዋጋው ትንሽ ብቅ ባለ ቁጥር የሚሸጡለት እነሱ ናቸው። ዋጋው ጋፑ ውስጥ ገብቶ እዚያው መዝጋት ቢችል ኖሮ አመለካከታቸውን ይቀይሩ ነበር። አልቻለም። እሳቸው በዚያ ቀን ማምሻ ላይ ይወጡ እንደነበር ጻፉ። እኔ በዚያ ቀን ማምሻ ላይ ጋፑ መሞላት ጀመረ ብዬ የደስታ ስክሪንሾት እየላክሁ ነበር።

6ኛው መላሽ ጥያቄውን አላነበበም። ጋፕ ሲባል በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መሀል ያለው ልዩነት መስሎታል። ማታ ማታ ልዩነቱ እንዴት እንደሚሰፋበት፣ ደላላው እንዴት እንደሚበላው ረጅም ብሶት ጻፈ። ሰው አሳዘነኝ፣ ግን ርዕሱ ሌላ ነው። ትንሽ ቆይቶ የተመለሰው 3ኛው በ7ኛ መልስ አስረዳው፤ እሱ የሚያወራው ስፕሬድ እንደሆነ፣ እዚህ የተያዘው ደግሞ በሁለት ቀናት ካንድሎች መሀል ስላለው ባዶ እንደሆነ። በትህትና ነው ያስረዳው። ለ4ኛው መልስ መሆኑ ነበር መሰለኝ።

8ኛው የፎሬክስ፣ የገንዘብ ምንዛሪ ገበያ፣ ሰው ነው። ሰኞ ጠዋት የሚከፈት ጋፕ ሁሌ እንደሚሞላ፣ ዓርብ ከተዘጋበት ዋጋ ጋር የሚያነጻጽር አንድ ስልት ብቻ ይዞ እንደሚሠራ ነገረን። ጋፕ የማይሞላው እንደ ስዊስ ፍራንክ ዓይነት ጉድ ሲፈጠር ብቻ ነው ባይ ነው፤ በፈረንጆቹ ጥር 2015 ላይ የስዊዘርላንድ ማዕከላዊ ባንክ በዩሮ ላይ የነበረውን የ1.20 ፍራንክ ወለል ያነሳበትን ቀን ማለቱ ነው።

9ኛው ይሄን በሁለት ቦታ አረመው። የዚያ ቀን ክስተት በዕለታዊ ቻርት ላይ ጋፕ አይደለም። ሐሙስ፣ ገበያው ክፍት ሆኖ፣ በአውሮፓ ጠዋት ነው የፈነዳው። ቻርቱ ላይ የሚታየው አንድ አስፈሪ ረጅም ካንድል ነው፣ ባዶ የለም። ለነጋዴው ግን ከየትኛውም ጋፕ የባሰ ነበር፤ ስቶፕ ሎሱን ከ1.20 ትንሽ ዝቅ አድርጎ ያስቀመጠ ሰው በዚያ ዋጋ የሚገዛው አጥቶ እጅግ ወርዶ ነው የወጣው። ሁለተኛ እርማቱ ደግሞ አስቂኝ ነው። ዩሮ ሚያዝያ 2018 ላይ ተመልሶ 1.20ን ነክቷል። የማይሞላ ብሎ ያመጣው ምሳሌ ከሦስት ዓመት በኋላ ሞልቷል። ነካ አድርጎም ደግሞ ወርዷል።

ስቶፕ ሎስ ሲነሳ 10ኛዋ የራሷን ጉዳት አመጣች። 47 ላይ ስቶፕ ሎስ አስቀምጣ፣ ሪፖርት ሊወጣ ሲል አክሲዮኗን ይዛ ተኛች። ጠዋት ስትነሳ 41 ላይ ተሸጦላታል። ደላላው አጭበረበረኝ ብላ ስንት ኢሜል እንደጻፈች ነገረችን። በኋላ እንደተረዳችው ስቶፕ ሎስ ዋጋው 47 ሲነካ ወይም ሲያልፍ በተገኘው ዋጋ ሽጥ የሚል ትዕዛዝ ነው። ከ50 ወደ 41 ሲዘለል 47 ላይ የቆመ ገዢ የለም። የተገኘው ዋጋ 41 ነበር። ደላላው አላጠፋም። አሁን ሪፖርት ካለ የምትይዘውን መጠን ትቀንሳለች እንጂ በስቶፕ ሎስ አትተማመንም።

11ኛው መልስ ክሩን ሌላ ቦታ ወሰደው። ሰውየው ሁለት ኩባንያ ብቻ አነሳ። መጀመሪያ የፌስቡክ ባለቤት ሜታ። የካቲት 2 ቀን 2022 አክሲዮኑ 323 ዶላር ላይ ተዘጋ፣ ማታ ሪፖርት ወጣ፣ በማግስቱ 237.76 ላይ ዋለ። ከሩብ በላይ በአንድ ቀን። ያንን ጋፕ አይቶ በ240 የገዛ ሰው ምን አገኘ? ኅዳር 2022 ላይ 88 ዶላር አካባቢ አየ። ከገንዘቡ 60 በመቶ በላይ ጠፍቷል። ከዚያ ሐምሌ 2023 ላይ ዋጋው ተመልሶ 323ን አለፈ። ጋፑ ሞላ። አንድ ዓመት ተኩል ፈጀ። አባባሉ እውነት ነው፣ ሰውየው ግን በመሀል ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንዳጣ አባባሉ ውስጥ የለም።

ወደ ላይም ተመሳሳይ ነገር አሳየን። ይሄው ሜታ ልክ በዓመቱ፣ የካቲት 2 ቀን 2023፣ ከ153 ተነስቶ 188 ላይ ዋለ። በሳምንታት ውስጥ 170 አካባቢ ተመለሰ፣ ማለትም ጋፑ ውስጥ ገባ። ይሞላል ብለው ዋጋው ሲወርድ ለማትረፍ ሾርት ያደረጉ ሰዎች እጃቸውን ማሻሸት ጀመሩ። እዚያው ዞሮ ወደ ላይ ሄደ። የግንቦት 2023ቱ ኤንቪዲያ ደግሞ እንኳን ሊሞላ ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሄደው፤ ከ305 ወደ 380 አካባቢ በአንድ ቀን ዘለለ፣ በቀጣዩ ዓመት አንዱ አክሲዮን ለአሥር ሲከፈል ዋጋው ከዚያ በብዙ እጥፍ ርቆ ነበር። ቻርቱን ዛሬ የሚከፍት ሰው 305ን ፈልጎ አያገኝም፤ ስፕሊቱ ስለተስተካከለ 30.5 ሆኖ ነው የሚታየው።

1ኛው መላሽ በዚህ ጊዜ በ12ኛ መልስ ተመለሰ። ከፍቶታል። የሜታ ጋፕ ሞላ አልተባለም እንዴ? ታዲያ እሱ ከመጀመሪያው ምን አለ? ታገስ ነው ያለው። ትዕግስት የሌለው ሰው ገበያውን መክሰስ እንደማይችል ጽፎ በብዙ ቃለ አጋኖ ዘጋው።

13ኛው የመለሰለት ከክሩ ሁሉ የከረረው መልስ ነው፣ ለኔ ግን በጣም የጠቀመኝም እሱ ነው። ቀን ያልተቆረጠለት ትንበያ መቼም ሊሳሳት አይችልም፣ ስለዚህ ትንበያ አይደለም አለው። ዛሬ ካልሞላ ነገ፣ ነገ ካልሞላ በልጅ ልጆቻችን ዘመን። ኩባንያው እስኪሞት መጠበቅ ይቻላል፣ የሚሞቱም አሉ። በፈረንጆቹ መስከረም 2008 ላይ ሌማን ብራዘርስ ዓርብ ከ4 ዶላር በታች ተዘግቶ ሰኞ በሳንቲም ቤት ተገኘ። ያ ጋፕ ማንን ይጠብቃል?

ከዚያ ስድቡን ትቶ ሂሳብ ውስጥ ገባ። ዋጋ ምንም ፍላጎት ባይኖረውም፣ ዝም ብሎ እንደ ሰካራም ወዲህ ወዲያ ቢል እንኳ፣ አጠገቡ ያለን ነጥብ አንድ ቀን መርገጡ አይቀርም። ስለዚህ ጋፕ መሞላቱ ማግኔት ለመኖሩ ማስረጃ አይሆንም። ማስረጃ የሚሆነው በሌላው አቅጣጫ እኩል ርቀት ላይ ካለ ነጥብ በፊት ከተሞላ ነው። በኔ ቻርት አሰላው። የጋፑ ቀን መዝጊያ 41.20፣ መሙያው 49.20፣ ርቀቱ 8 ዶላር። ከታች ያለው መንታ ነጥብ 33.20 ነው። የቱ ቀድሞ ተነካ? ዋጋው 33 ስለሆነ መልሱን ጠይቆ ራሱ አገኘው፤ መንታው ቀደመ። አንድ ቻርት ምንም እንደማያረጋግጥ እሱም ያውቃል። ግን ጋፕ ይሞላል የሚል ሰው መቶ ጋፕ ሰብስቦ እንዲህ ይቁጠር፣ ከመንታው ቀድመው የሞሉት ከግማሽ በግልጽ ካልበለጡ ማግኔቱን ይርሳው።

እዚህ ላይ 5ኛው ሰው ባጭሩ ገብተው አንድ ነገር አስታወሱ፣ 14ኛው መልስ የሳቸው ነው። ሬይ ቦልና ፊሊፕ ብራውን የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 1968 ላይ ከትርፍ ሪፖርት በኋላ ዋጋው ሪፖርቱ ወደገፋው አቅጣጫ ለወራት መንሸራተቱን እንደሚቀጥል አሳይተዋል። ይሄ እውነት ከሆነ የሪፖርት ጋፕ ላይ የሚጠበቀው መሙላት ሳይሆን መቀጠል ነው። 4ኛው በትልልቅ ኩባንያዎች ላይ ይሄ መንሸራተት ዛሬ ተዳክሟል ብሎ ተከራከራቸው፣ እሳቸው አልመለሱለትም። ክርክሩ እዚያው ተንጠልጥሎ ቀረ።

15ኛው ወጣት ፕሮግራመር ነው፣ የ13ኛውን ፈተና ወዲያው ሊሞክር ተነሳ። የኤስ ኤንድ ፒ 500 ኢንዴክስን የብዙ ዓመት ዳታ አውርዶ ቆጠረ፣ ከዚያ ግራ ገብቶት መጣ። በመጀመሪያው ሙከራ ጋፑ የትየለሌ ነው፣ ሁሉም ማለት ይቻላል በዚያው ቀን ይሞላል። ኮዱን ትንሽ ሲያስተካክል ደግሞ ጋፕ የሚባል ነገር ጠፋ። ሁለቱ መስመሮች እነዚህ ነበሩ፦

```
gap_down = df["Open"] < df["Close"].shift(1)
gap_down = df["High"] < df["Low"].shift(1)
```

2ኛዋ በ16ኛ መልስ ፈታችለት። የላይኛው መስመር ከመጀመሪያው ያስጠነቀቀችን ነው፣ የሳንቲም ልዩነትን ሁሉ ጋፕ ይላል። የታችኛው ትክክል ነው፣ ችግሩ ዳታው ነው። ኢንዴክስ ራሱ አይሸጥም አይገዛም፣ ከአባል አክሲዮኖቹ ዋጋ የሚሰላ ቁጥር ነው። ገበያው በተከፈተ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ገና ያልተገበያዩ አክሲዮኖች ትናንት በተዘጉበት ዋጋ ነው ስሌቱ ውስጥ የሚገቡት። ስለዚህ የኢንዴክሱ መክፈቻ ወደ ትናንቱ መዝጊያ ተለጥፎ ይወጣል፣ ጋፑም ይዋጣል። በዚያው ቀን ኢንዴክሱን የሚከተለውን ፈንድ `SPY`ን ቢያይ ጋፑን ያገኘው ነበር፤ እሱ በእውነተኛ ገዢና ሻጭ ነው የሚከፈተው።

ሌላም ወጥመድ ነገረችው። ነፃ ዳታ ብዙ ጊዜ ለዲቪደንድ የተስተካከለ ነው። ኩባንያው 2 ዶላር ሲያከፋፍል አክሲዮኑ በዚያ ጠዋት በ2 ዶላር ያህል ዝቅ ብሎ ይከፈታል፤ የተስተካከለው ቻርት የድሮዎቹን ዋጋዎች ዝቅ አድርጎ ያንን ጋፕ ይደፍነዋል። እንደኔ ያለው ሰው ደግሞ 49.20ን እየጠበቀ፣ ኩባንያው ዲቪደንድ ከከፈለ በኋላ ቻርቱ ሌላ ቁጥር ያሳየዋል። ጋፕ በተስተካከለው ሞልቶ ባልተስተካከለው ሳይሞላ ሊገኝ ይችላል። የቱን እንደሚከተል አስቀድሞ መወሰን አለበት። ልጁ በኢንዴክሱ ብቻ ሳይሆን ከገበያ የወጡትንም ባካተተ ዝርዝር እንደሚደግመው ቃል ገባ። ዛሬ ድረስ እየጠበቅነው ነው።

ከዚህ በኋላ ክሩ መንገድ ሳተ። 17ኛው ጃፓኖች በካንድላቸው ጋፕን መስኮት እንደሚሉት፣ ለእነሱ መስኮት የሚደፈን ነገር ሳይሆን ወደ ተከፈተበት የሚኬድበት እንደሆነ ጻፈ። ወደ ላይ የተከፈተ መስኮት ዋጋው ሲመለስ ይደግፈዋል፣ ወደ ታች የተከፈተ ያግደዋል። ከ5ኛው ሰው የ43.10 ታሪክ ጋር ልክ ገጠመልኝ። ሌሎች ግን ስለ መስኮትና ስለ ብርድ መቀለድ ጀመሩ። አንዱ የቢትኮይን ፊውቸርስ ጋፕ አነሳ፤ የቺካጎው የፊውቸርስ ገበያ ሲኤምኢ ቅዳሜና እሁድ ሲዘጋ ቢትኮይኑ ራሱ ሳያርፍ ስለሚገበያይ በየሰኞው ጋፕ ይሠራ እንደነበር። 6ኛው እንደገና ስፕሬድ ብሎ ብቅ አለ፣ ማንም አላየውም።

18ኛው መልስ የ5ኛው ሰው ነበር፣ ለኔ በቀጥታ። የሪፖርቱ ጥፋት ያለፈው ሩብ ዓመት ትርፍ ነው ወይስ ኩባንያው የቀጣዩን ዓመት ትንበያ መቀነሱ? ሄጄ አነበብኩ። ትርፉ ደህና ነበር፣ የቀነሱት ትንበያውን ነው። እንዲያ ከሆነ ጋፑን የከፈተው ነገር አራት ወር ሙሉ እዚያው እንዳለ፣ ሊዘጋው የሚችለውም አዲስ ሪፖርት እንጂ የቻርት ባዶ እንዳልሆነ ጻፉልኝ። ቀጣዩ ሪፖርት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። የ10ኛዋን ታሪክ አስታውሼ ግማሹን ሸጥኩ። 49.20 ላይ ያስቀመጥኩትን የመሸጫ ትዕዛዝም ሰረዝኩ። ቀሪው ግማሽ ልክ ይሁን ስህተት አላውቅም፣ 4ኛው ስህተት ነው ብሎኛል።

1ኛው መላሽ ግን አልተረታም። 49.20 ይመጣል፣ እወራረዳለሁ ብሎ በክሩ መጨረሻ ላይ ለጠፈ። 13ኛው እስከ መቼ እንደሆነ ቀኑን እንዲጽፍ ጠየቀው። ሳምንት ሆነው፣ ገባ ወጣ ሲል ይታያል፣ ቀኑን ግን አልጻፈም።